የእህት ልጅ ሠራተኛ ነው ወይስ ሸሪክ? ከዘመድ ጋር ለሚነግዱ ተገልጋዮች የቀረበ ማብራሪያ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በታላቁ አንዋር መስጊድ ዙሪያ በሚገኙት የመርካቶ ተራዎች፣ ከሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ የሚሸጠው ወጣት ብዙውን ጊዜ የባለሱቁ የቅርብ ዘመድ ነው። ከጉራጌና ከስልጤ አካባቢዎች ተነሥተው መርካቶን ካቀኑት ነጋዴዎች ብዙዎቹ የጀመሩት በዚሁ መንገድ ነው። ልጁ ከገጠር ይመጣል፤ አጎቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ዘንድ ያርፋል፤ ዕቃ እያነሣና እየጣለ፣ ሱቅ እየጠረገ፣ ደንበኛ እየለየ ንግድ ይማራል፤ ከዓመታት በኋላም ያሳደገው ዘመድ መቋቋሚያ ሰጥቶ የራሱን ሱቅ ያስከፍተዋል። ያ ልጅ በተራው ሌላውን ያመጣል። ልማዱ ባንክ ለማያበድረው ወጣት የመነሻ ካፒታል፣ ሠራተኛ በደብዳቤ ለማያውቅ ነጋዴም የሚታመን ሰው ሲያስገኝ ኖሯል።

ይኸው ልማድ በየጊዜው ለክርክር ምክንያት ሲሆንም ይታያል። ክርክሩ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ አንደኛው ወገን ስለ ከፋ ሳይሆን፣ ልጁ በሱቁ ውስጥ ምን እንደሆነ ተነግሮ ስለማያውቅ ነው። ለአጎትየው ልጁ ያሳደገው ልጅ ነው። ለልጁ ደግሞ ያ ሁሉ ዓመት ያልተከፈለ ሥራ ነው። ለሱቁ ደንበኞች ምናልባት ሸሪክ ነው፤ ዱቤ የሚሰጠውም የሚሰበስበውም እርሱ ነውና። ሕጉ ግን ለእነዚህ ለሦስቱ የተለያየ መብትና ግዴታ ይሰጣል፤ አንድ ሰውም ሳይጻፍለት ሦስቱንም ሆኖ መኖር አይችልም።

ስምንት ዓመት በአጎት ሱቅ

ነገሩን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ምሳሌው የተወሰነ ሰው ታሪክ ሳይሆን ለማብራሪያ የተዘጋጀ ነው።

ጨርቅ በጅምላ የሚሸጥ ነጋዴ የእህቱን ልጅ በ16 ዓመቱ ወደ አዲስ አበባ ያመጣዋል። ልጁ የሚበላውና የሚያድረው ከአጎቱ ቤት ነው። ለበዓል ልብስ ይገዛለታል፤ በየጊዜውም ለኪሱ ጥቂት ብር ይሰጠዋል፤ አጎቱ በየወሩ ለልጁ እናት ገጠር ገንዘብ ይልካል። ደመወዝ የሚባል ቃል ተነሥቶ አያውቅም። የተነሣው አንድ ቃል ነው፤ «ስትጎለምስ ሱቅ እከፍትልሃለሁ»። ስምንት ዓመት ያልፋል። ልጁ ጣቃ ቆጥሮ የሚረከብ፣ ከአስመጪ ጋር ዋጋ የሚነጋገር፣ አጎቱ ሐጅ ሲሄድ ሱቁን ብቻውን የሚያስተዳድር ሆኗል። በ24 ዓመቱ ትዳር ሲያስብ «ጋሼ፣ ያልከኝ ነገር እንዴት ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል። አጎትየው ደግሞ በዚያ ዓመት ገበያው ቀዝቅዞበታል፤ የራሱም ልጆች አድገዋል፤ «ትንሽ ታገሥ» ይላል። ትዕግሥቱ ዓመት ይሞላዋል። በመጨረሻ ልጁ አኩርፎ ከሱቁ ይወጣል፤ እናቱና አጎቱም በለቅሶ ቤት እንኳ መነጋገር ያቆማሉ።

ልጁ ወደ ሥራ ክርክር ችሎት ቢሄድ ምን ያገኛል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን አለበት አይልም። አንድ ሰው በሌላው አመራር ሥር ሆኖ ለደመወዝ ለመሥራት ከተስማማ የሥራ ውል አለ፤ ዝምድናም ይህን ግንኙነት በራሱ አያስቀረውም። ስለዚህ ልጁ ሠራተኛ እንደነበረ በምስክር ሊያስረዳ ይችላል። አጎቱ ደግሞ ልጁን እንደ ልጁ ያሳደገ እንጂ ቀጥሮ ያሠራ እንዳልነበረ ይከራከራል፤ ምስክሮቹም እነዚያው ዘመዶች ናቸው። ደመወዙ ስንት እንደነበር የሚያውቅ የለም።

ልጁ በምስክር ቢረታ እንኳ ሌላ እንቅፋት ይጠብቀዋል። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና መሰል ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ይህ ማለት የስምንት ዓመቱ ድካም አብዛኛው በፍርድ ቤት ሊጠየቅ የማይችል ሆኗል ማለት ነው። ዝምታው ከአክብሮት የመጣ መሆኑ የይርጋውን ቆጠራ አያስቆመውም።

«ሱቅ እከፍትልሃለሁ» የሚለው ቃልም ደካማ ነው። በቃል ብቻ የተነገረ የስጦታ ተስፋ፣ ገንዘቡ ወይም ዕቃው በእጅ እስካልተሰጠ ድረስ፣ በፍርድ ቤት ለማስፈጸም እጅግ አስቸጋሪ ነው። ከዚህም በላይ አጎትየው ባለትዳር ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት ከጋራ ሀብት ላይ ከ100 ብር በላይ ዋጋ ያለው ነገር በስጦታ ለማስተላለፍ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። አክስትየው ያልተስማማችበት መቋቋሚያ በእርሷ አቤቱታ ሊፈርስ የሚችል ነው። በብዙ ቤት ተስፋው ሲሰጥ እርሷ አልነበረችም፤ ሲጠየቅ ግን አለች።

አጎቱም ቢሆን አሸናፊ አይደለም። የሠራተኛ ማህደር የለውም፤ ከደመወዝ የሚቆረጥ ግብርና የጡረታ መዋጮ አልከፈለም። ልጁ ሠራተኛ እንደነበረ ሲወሰን ይህ ያልተከፈለ ግዴታ አብሮ ይገለጣል፤ መዘግየቱም የራሱን ቅጣት ያመጣል። የስምንት ዓመት ልምድ ያለውና ደንበኞቹን በስም የሚያውቅ ሰው ደግሞ፣ ምንም ዓይነት ስምምነት ሳያስረው፣ ከሁለት ሱቅ በኋላ ካለው ተወዳዳሪ ዘንድ ገብቷል።

ቀድሞ ቢጻፍ ኖሮ

ያው አጎትና ያው የእህት ልጅ ከመጀመሪያው ነገሩን በሕጉ ቢያስኬዱት ምን ይመስል ነበር?

መነሻው ዕድሜ ነው። ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ቀጥሮ ማሠራት ክልክል ነው፤ የእህት ልጅ መሆኑም ለዚህ ማመካኛ አይሆንም። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት ሠራተኛ ይባላል፤ በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ አይሠራም፤ የሌሊትና የትርፍ ሰዓት ሥራም አይታዘዝም። ስለዚህ ልጁ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ከመኪና ዕቃ እንዲያወርድ ማድረግ፣ «ቤተሰብ ነው» በሚል የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው የሙከራ ጊዜ ነው። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ስምምነት ከተደረገበት እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ሠራተኛው ለሥራው አይመጥንም ብሎ ካመነ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብተው ይችላል፤ ሠራተኛውም እንዲሁ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ነጋዴዎች ይህን ድንጋጌ ከዘመድ ጋር ሲሆን እምብዛም አይጠቀሙበትም፤ ሆኖም ከማንም ይልቅ የሚጠቅመው ለዘመድ ነው። ንግድ የማይሆንለት ልጅ በሁለት ወር ከግማሽ አካባቢ ክብሩ ሳይነካ «ትምህርቱ ይሻልሃል» ሊባል ይችላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ቃል እንደ መባረር ይቆጠራል፤ ገጠር ያለችው እህትም የምትሰማው እንደዚያ ነው።

ከዚያ ደመወዝ ይመጣል፤ ብዙ ዘመድ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምግብና መኝታ ደመወዝ አይተካም። ደመወዝ የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ ነው፤ ተስማምተው ከፊሉ በዓይነት የሚከፈል ቢሆን እንኳ የዓይነቱ ክፍያ በአካባቢው ካለው የገበያ ዋጋ መብለጥ የለበትም፤ በማናቸውም ሁኔታ በገንዘብ ከሚከፈለው 30 በመቶ አይበልጥም። የልጁ የገንዘብ ደመወዝ በወር 6,000 ብር ቢሆን፣ ምግብና መኝታው ተደምሮ እንደ ደመወዝ ሊታሰብ የሚችለው ከ1,800 ብር አይበልጥም። አጎቱ ቤቱን ከዚያ በላይ በቸርነት ቢከፍትለት የዝምድና ነገር ነው፤ ደመወዝ ከፍያለሁ ብሎ ግን ሊያስቆጥረው አይችልም።

ለእናት የሚላከው ገንዘብም እንደዚሁ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ለሠራተኛው ለራሱ ወይም እርሱ ለወከለው ሰው ነው። ከደመወዙ 2,000 ብር በየወሩ ለእናቱ እንዲላክ ልጁ ከፈለገ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ይህንኑ ጽፎ ይፈርማል። ያ ወረቀት ከሌለ አጎቱ ለእህቱ የላከው ገንዘብ ለእህቱ የሰጠው እንጂ ለልጁ የከፈለው አይሆንም።

ከደመወዙ ላይ የጡረታ መዋጮ ይታሰባል። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። በ6,000 ብር ደመወዝ ላይ ከአሠሪው 660 ብር፣ ከሠራተኛው 420 ብር፣ በድምሩ በወር 1,080 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ለአንዳንድ ነጋዴ የወጪ ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታያል። ሆኖም በክርክር ጊዜ ልጁ መቼ እንደተቀጠረና በስንት ብር እንደሚሠራ ለሁለቱም ወገን ከመዋጮው መዝገብ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

የሥራ ውሉ ራሱ ረጅም መሆን የለበትም። የአሠሪው ስምና አድራሻ፣ የሠራተኛው ስም፣ ዕድሜና አድራሻ፣ የሥራው ዓይነትና ቦታ፣ የደመወዙ መጠንና የሚከፈልበት ጊዜ፣ ውሉ የሚቆይበት ጊዜ ይጻፍበታል፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። ውሉ በጽሑፍ ሳይደረግ ሥራ ከተጀመረ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ ይህንኑ የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። በመርካቶ ለዘመድ እንዲህ ያለ ደብዳቤ መስጠት አለማመን መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። አጎቱ ለመጋዘን አከራዩ፣ ለአስመጪው፣ ለባንኩ ሁሉ እየፈረመ የሚኖር ሰው መሆኑ ግን ይረሳል።

የመቋቋሚያው ጉዳይ

መቋቋሚያው ከደመወዙ ተለይቶ መያዝ አለበት። ሁለቱ ሲቀላቀሉ አጎቱ «ደመወዝህን አስቀምጬልሃለሁ» ማለት ይጀምራል፤ የተቀመጠው ገንዘብ ደግሞ በሱቁ ውስጥ ይዞራል፤ ጨርቅ ይገዛበታል፤ ዱቤ ይሰጥበታል። በመጨረሻ ስንት እንደሆነ የሚያውቀው አጎቱ ብቻ ይሆናል።

የሚሠራው ቀላል መንገድ በልጁ ስም የባንክ ሒሳብ መክፈት ነው። ልጁ ከደመወዙ በወር 1,500 ብር ቢያስቀምጥ በዓመት 18,000፣ በስምንት ዓመት 144,000 ብር ይሆናል። አጎቱ መቋቋሚያ ሊሰጥ ካሰበ በዓመቱ መጨረሻ፣ ገበያው እንደሆነለት መጠን፣ ወደዚያው ሒሳብ ያስገባል። የተሰጠ ገንዘብ ተስፋ ሳይሆን ስጦታ ነውና በቃል የሚያከራክር ነገር አይኖርም። ባለቤቱም በዓመት አንድ ጊዜ አብራ ትፈርማለች። ዕቁብ ያለበት ሱቅ ከሆነ ዕጣው በልጁ ስም ቢጻፍ ተመሳሳይ ጥቅም ይሰጣል፤ ነገር ግን በአጎቱ ስም ተጽፎ «ያንተ ነው» የተባለ ዕጣ የልጁ ለመሆኑ ማስረጃ የለውም።

እዚህ ላይ ልጁም ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ሠራተኛ ሆኖ ከአምስት ዓመት በላይ ያገለገለ ሰው በራሱ ፈቃድ ሲለቅ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የውል ግዴታ ከሌለበት፣ የስንብት ክፍያ ይገባዋል። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የቀን ደመወዙ 30 ጊዜ ተባዝቶ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚያ አንድ ሦስተኛ እየተጨመረ ነው። የቀን ደመወዙ 200 ብር ከሆነ ለመጀመሪያው ዓመት 6,000 ብር፣ ለቀሪዎቹ ሰባት ዓመታት በየዓመቱ 2,000 ብር፣ በጠቅላላው 20,000 ብር ይሆናል። ይህ መቋቋሚያ አይደለም፤ ሱቅም አያስከፍትም። አጎቱ በልማድ የሚሰጠው መቋቋሚያ ይህን ሕጋዊ ክፍያ ያጠቃልላል ወይስ አያጠቃልልም የሚለው ግን ሲሰጥ በጽሑፍ ቢገለጽ ኋላ ጥያቄ አይነሣም።

ገንዘብ ሲጎድል

በዘመድ ሱቅ ውስጥ ከባዱ ቀን የቀኑ ሽያጭ ከደብተሩ ጋር ሳይገጥም የሚቀርበት ቀን ነው። ባለሱቁ ሁለት የተለመዱ ስሕተቶች ይሠራል። አንደኛው ዝም ብሎ ከደመወዝ መቁረጥ ነው። ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር መቀነስ አይቻልም፤ ሲቀነስም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። 6,000 ብር ለሚከፈለው ልጅ ጣሪያው 2,000 ብር ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ማለፍ ነው። ለእህት ሲባል ይታለፋል፤ ከአራት ወር በኋላ በሌላ ነገር ሲጣሉ «ሌባ» ተብሎ ይባረራል። አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚያስችለውን ምክንያት ካወቀበት ቀን አንሥቶ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት በዚያ ምክንያት ውሉን የማቋረጥ መብቱን ያጣል። ዘግይቶ የተደረገው ስንብት ሕገ ወጥ ሊባል ይችላል፤ የተባለውም ቃል በቤተሰብ መካከል ይቀራል። ስለዚህ ጉድለት በታየበት ሳምንት ተቆጥሮ፣ ተጠይቆ፣ መልሱ ተጽፎ መታወቅ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ነገር ስርቆት አይደለም፤ ሳይመዘገብ የተሰጠ ዱቤ ወይም አጎቱ ራሱ ከመሳቢያው አንሥቶ የረሳው ገንዘብ ነው። ባለሱቁም ሆነ ባለቤቱ ከመሳቢያው ሲያነሡ መጻፍ የሚኖርባቸው ለዚህ ነው፤ የሚጠረጠረው ምንጊዜም ያልጻፈው ሰው ሳይሆን ባንኮኒው ላይ የቆመው ነውና።

ሸሪክ ሲሆን

ወንድማማቾች ወይም የአጎት ልጆች ገንዘብ አዋጥተው ሲነግዱ ጉዳዩ ይለወጣል። በመርካቶ የተለመደው አሠራር ፈቃዱና የኪራይ ውሉ በአንደኛው ስም ሆኖ ሌላው «የውስጥ ሸሪክ» እንዲሆን ነው። የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 እንዲህ ያለውን ለሦስተኛ ወገን ያልተገለጠ ግንኙነት የእሽሙር ማኅበር ይለዋል። ሕጋዊ ሰውነት የለውም፤ አይመዘገብም። ከሦስተኛ ወገን አንጻር ባለ ዕዳውም ባለ ሀብቱም ስሙ በፈቃዱ ላይ ያለው ሰው ነው። ግብር የሚጠየቀው፣ ያለ ደረሰኝ በተሸጠ ዕቃ የሚቀጣው እርሱ ነው፤ ባንኮኒው ላይ የነበረው ወንድሙ ቢሆንም። በሌላ በኩል ያዋጣው ወንድም ስሙ የትም የለም። የንግድ ፈቃድም ለሌላ ሰው የሚተላለፍ ወይም የሚከራይ ስላልሆነ፣ ባለ ፈቃዱ ዘወር ሲል ሌላው በዚያው ፈቃድ በራሱ ስም ሊቀጥል አይችልም።

አደጋው ጎልቶ የሚታየው ባለ ፈቃዱ ሲሞት ወይም ሲፋታ ነው። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ሀብት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ ሱቁ በሙሉ የሟችና የሚስቱ ሆኖ ይቆጠራል፤ ግማሹ የእርሷ፣ ግማሹ የውርስ ይሆናል። የውስጥ ሸሪኩ ድርሻውን ማስረዳት የሚኖርበት ከወንድሙ ሚስትና ከወንድሙ ልጆች ጋር ተከራክሮ ነው። ተከራካሪዎቹ በግልጽ ከተስማሙ የሙስሊም ወራሾች የውርስ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 በተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን በየትኛውም ፍርድ ቤት መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ከሱቁ ውስጥ የሟች ድርሻ ስንት ነው የሚለው ነው። ያ ካልተጻፈ የውርስ ሕጉ ምንም ቢሆን መልስ አይሰጥም።

የተመዘገበ ማኅበር ማቋቋም ይህን ያቃልላል። ለወንድማማቾች ዘወትር የሚመቸው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው፤ አባላቱ ከ50 መብለጥ የለባቸውም፤ ዝቅተኛው ካፒታል 15,000 ብር ነው። ይሁንና ወረቀቱ ቢኖርም ወንድማማቾችን የሚያጣላ አንድ ስሌት አለ፤ እርሱም የሚሠራውና የማይሠራው ሸሪክ ክፍፍል ነው።

ታላቁ 300,000 ብር፣ ታናሹ 200,000 ብር አዋጡ እንበል፤ ድርሻቸው 60 እና 40 በመቶ ነው። ታላቁ ሌላ ሥራ አለው፤ ሱቁ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ታናሹ ነው። በዓመቱ መጨረሻ 240,000 ብር ተረፈ። በድርሻ ሲካፈሉ ታላቁ 144,000፣ ታናሹ 96,000 ብር ያገኛሉ። ታናሹ በዚያው ሱቅ ተቀጥሮ ቢሆን ኖሮ በወር 8,000 ብር፣ በዓመት ደግሞ 96,000 ብር ያገኝ ነበር። ይህ ማለት ባዋጣው 200,000 ብር አንዳች አላተረፈም ማለት ነው። ታናሹ ይህን በቁጥር ላያሰላው ይችላል፤ ግን ይሰማዋል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ከመሳቢያው «ለታክሲ» እያለ ማንሣት ይጀምራል፤ ታላቁም ያያል።

መፍትሔው ለሥራ የሚከፈለውን ከካፒታል ትርፍ መለየት ነው። በመጀመሪያ ለታናሹ 96,000 ብር ደመወዝ ተከፍሎ ቀሪው 144,000 ብር በድርሻ ይካፈላል፤ ለታላቁ 86,400፣ ለታናሹ 57,600 ብር ይሆናል። ታናሹ በጠቅላላው 153,600 ብር ያገኛል። ታላቁ ያነሰ መስሎት ቢያቅማማ፣ ወንድሙ ባይኖር ሌላ ሰው በስንት ብር ይቀጥር እንደነበር ይጠይቅ። ገበያ በቀዘቀዘበት ዓመት የተረፈው 90,000 ብር ብቻ ቢሆን ደመወዙ እንኳ እንደማይሞላም በመመሥረቻ ጽሑፉ ታስቦ፣ ደመወዙ ይቀነሳል ወይስ እንደ ዕዳ ይመዘገባል የሚለው ቢወሰን ይበጃል።

የትዳር ጓደኞች ስምምነት እዚህም ይመለሳል። ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። መጠኑ ዛሬ ከአንድ ምሳ ዋጋ ብዙም አይርቅም፤ ሕጉ ግን አልተለወጠም። ያልተስማማው ተጋቢ ውሉን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል። ለወንድም ሱቅ ዋስ ሆኖ መፈረም በሚስት ዘንድ ሳይታወቅ የሚደረግ ጉዳይ መሆን የሌለበት ለዚህ ነው።

ሽማግሌ ሲገባ

በአካባቢው አለመግባባት ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠራው ሽማግሌ ነው፤ ከፍርድ ቤት በፊት መሞከሩም መልካም ነው። መጠንቀቅ የሚገባው በጊዜው ነው። የሽማግሌዎች ስብሰባ የይርጋውን ቆጠራ በራሱ አያቆምም። ከስንብት ጋር የተያያዘ ክፍያም በስድስት ወር ውስጥ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ሽምግልናው ደግሞ ከበዓል ወደ በዓል እየተላለፈ ዓመት ሊወስድ ይችላል። ይርጋው የሚቋረጠው ጉዳዩ ሥልጣን ላለው አካል ሲቀርብ ወይም ባለ ዕዳው ጥያቄውን በግልጽ ሲቀበል ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎች በመጀመሪያው ቀን ከአጎቱ አንድ ነገር ቢጠይቁ ይህን ነው፤ ልጁ የሚጠይቀው እንዳለው በጽሑፍ አምኖ እንዲፈርም። መጠኑ ኋላ ሊነጋገሩበት ይችላል። የእርቁ ውጤትም እንዲሁ ማን ለማን፣ ስንት ብር፣ መቼ እንደሚከፍል ተጽፎ ሁለቱና ምስክሮች ይፈርሙበታል።

የሥራ ውል ለማዘጋጀትና ስለ መብትና ግዴታ ለመጠየቅ ተገልጋዮች በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ያነጋግራሉ። የማኅበር መመሥረቻ ጽሑፍ፣ የዋስትና ሰነድና የውክልና ሥልጣን የሚረጋገጡት በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ነው፤ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ጉዳይ በንግድ ጽሕፈት ቤት ወይም በኢትሬድ የኦንላይን አገልግሎት ይከናወናል። ለማረጋገጥ የሚሄዱ ወንድማማቾች መታወቂያቸውን፣ የጋብቻ ወይም ያላገቡ መሆናቸውን የሚገልጽ ማስረጃ ይዘው፣ ባለትዳር የሆኑም ከትዳር ጓደኞቻቸው ጋር ቢቀርቡ ከመመላለስ ይድናሉ።